ምዕራፍ 9፦ ማሽኑን መግዛት ወይስ መከራየት?

ፒያሳና አካባቢዋ ከኅትመት ሥራ ጋር የቆየ ትውውቅ አላቸው። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ በአራዳና በአራት ኪሎ ዙሪያ የሠርግ ካርድ፣ ደረሰኝ፣ መጽሐፍና የማስታወቂያ ወረቀት የሚያትሙ ብዙ ቤቶች ተከፍተዋል። የእነዚህ ቤቶች ባለቤቶች ሁሉ አንድ ቀን የሚገጥማቸው ጥያቄ አለ። አሮጌው ማሽን እየቆመ አስቸግሯል፤ ደንበኛ ከቀጠሮ ቀን ማለፍን አይወድም፤ አዲስ ማሽን ያስፈልጋል። ታዲያ ተበድሮ መግዛት ይሻላል ወይስ ከአከራይ ድርጅት መውሰድ?

በምዕራፍ 3 የነገ ብርን ወደ ዛሬ ዋጋ ማምጣት ተምረናል። በምዕራፍ 6 ደግሞ የእርጅና ቅናሽ ምን እንደሆነ አይተናል፦ የማሽን ዋጋ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየዓመቱ እየተከፋፈለ ከትርፍ ላይ የሚቀነስበት መንገድ ነው። በምዕራፍ 8 የተመለከትነው ማሽኑ ያዋጣል ወይስ አያዋጣም የሚለውን ነበር። ያ ጥያቄ ተመልሷል፤ ማሽኑ ያስፈልጋል። የቀረው ገንዘቡ በየትኛው በር እንደሚመጣ መወሰን ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች የተለያዩ መሆናቸውን ከመጀመሪያው መያዝ ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሁለቱን ስለሚያደባልቃቸው ነው።

አገራችን ለዚህ ዓይነቱ ኪራይ ሕግ ያወጣችው በ1990 ዓ.ም. ነው፤ የካፒታል ዕቃ ኪራይ ሥራ አዋጅ ቁጥር 103/1990 ይባላል። በ2005 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 807 ተሻሽሏል። ዛሬ የኢትዮጵያ ልማት ባንክ ለአነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች ማሽን በኪራይ ያቀርባል፤ በአዲስ አበባም አዲስ ካፒታል ዕቃ ፋይናንስ የተባለው ድርጅት በዚሁ ሥራ ላይ ነው። አንዳንዱ ኪራይ ክፍያው ሲያልቅ ማሽኑን ለተከራዩ ያስረክባል፤ እንዲህ ያለው ስሙ ኪራይ ቢሆንም ጠባዩ ወደ ዱቤ ግዥ ያደላል። በዚህ ምዕራፍ የምናየው ግን ማሽኑ እስከ መጨረሻው የአከራዩ ሆኖ የሚቆይበትን ኪራይ ነው። የእርጅና ቅናሹን የሚጠቀመው አከራዩ ነው፤ ተከራዩ ደግሞ የከፈለውን ኪራይ እንደ ወጪ ከትርፉ ይቀንሳል።

ሁለት ጥድፊያ ያለባቸው ስሌቶች

አንድ ምሳሌ እንያዝ። ቁጥሮቹን የመረጥኩት ለማስተማሪያ እንዲመቹ ነው።

በአራዳ አንዲት የማተሚያ ቤት ባለቤት አለች እንበል። የምትፈልገው ሁለት ቀለም የሚያትም የኦፍሴት ማሽን ነው፤ ዋጋው ያለ ተጨማሪ እሴት ታክስ 4,000,000 ብር። ባንክ በ16 በመቶ ወለድ ሊያበድራት ተስማምቷል። አከራይ ድርጅት ደግሞ ያንኑ ማሽን ለአምስት ዓመት በዓመት 1,100,000 ብር ሊያከራያት ፈቅዷል፤ ክፍያው በየዓመቱ መጨረሻ ነው፤ አምስት ዓመቱ ሲሞላ ማሽኑ ወደ አከራዩ ይመለሳል። ድርጅቷ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ስለሆነ ከትርፉ 30 በመቶ ግብር ይከፍላል። ጥገናውን፣ ቀለሙንና ሠራተኛውን በሁለቱም መንገድ የምትችለው እሷው ናት፤ ስለዚህ ከንጽጽሩ ውጭ እናደርጋቸዋለን።

ወንድሟ ነገሩን ሲሰማ ወዲያው ደመረ። «አምስት ጊዜ 1,100,000 አምስት ሚሊዮን ተኩል ነው። በአራት ሚሊዮን የሚገዛ ማሽን አምስት ሚሊዮን ተኩል ከፍለን በመጨረሻ የሰው ይሁን? ግዥው!» አላት።

የሂሳብ ሠራተኛዋ ተቃራኒውን አየ። «እትዬ፣ አራት ሚሊዮኑን ከባንክ ብትወስጂ በአምስት ዓመት ለመጨረስ በየዓመቱ 1,221,637 ብር ትከፍያለሽ። ኪራዩ 1,100,000 ነው። በዓመት ከ120,000 ብር በላይ ይቀልሻል» አላት።

ሁለቱም የደመሩት ትክክል ነው፤ ያነጻጸሩት ግን የማይነጻጸሩ ነገሮችን ነው። ወንድሟ የዛሬን አራት ሚሊዮን በአምስት ዓመት ውስጥ ተራርቀው ከሚከፈሉ ብሮች ጋር በእኩል ዓይን አየ። የሂሳብ ሠራተኛው ጊዜውን አስተካክሎ ነበር፤ ግን ሁለት ነገር ረሳ። አንደኛ፣ ገዝታው ከሆነ በአምስተኛው ዓመት መጨረሻ ሊሸጥ የሚችል ማሽን በእጇ ይቀራል። ሁለተኛ፣ ግብሩ በሁለቱ መንገዶች እኩል አይቀንስላትም።

ኪራይ ብድር ነው

የዚህ ምዕራፍ ዋና ሐሳብ ይህ ነው። ለአምስት ዓመት የማይፈርስ የማሽን ኪራይ ውል ብድር ነው፤ ስለዚህ ዋጋው የሚለካው በብድር ዋጋ ነው።

በእቁብ የመጀመሪያውን ዕጣ የወሰደ ሰው እንመልከት። ገንዘቡን በመጀመሪያው ሳምንት ተቀብሏል፤ ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው ዙር በየሳምንቱ መክፈል አለበት። ማንም ተበዳሪ ብሎ አይጠራውም። ዋሱ ግን ያውቀዋል፤ ዳኛውም ያውቀዋል፤ ሥራ ቀዘቀዘ፣ ደንበኛ አልከፈለኝም ቢል ሰሚ የለውም። በምሳሌያችን ያለችው ባለቤትም ማሽኑን በመጀመሪያው ቀን ተቀብላ ትሠራበታለች፤ ከዚያ ለአምስት ዓመት በየዓመቱ ትከፍላለች። በሠርግ ወራት ሥራው ቢሞላም ባይሞላም ኪራዩ ይጠበቃል። ከባንክ ብድር የሚለየው ገንዘብ ሳይሆን ማሽን መቀበሏ ብቻ ነው።

ይህን ከተቀበልን ኪራዩን ወደ ዛሬ ለማምጣት የምንጠቀምበት መጠን የትኛው እንደሆነ ግልጽ ይሆናል። በምዕራፍ 8 ማሽኑ ያዋጣ እንደሆነ ስንመረምር 25 በመቶ ተጠቅመን ነበር፤ ምክንያቱም የማተሚያ ቤቷ ትርፍ እርግጠኛ አይደለም፤ ባለቤቷ ለዚያ ስጋት ካሳ ትፈልጋለች። ኪራዩ ግን እርግጠኛ ነው። በእርግጠኝነት የሚወጣን ገንዘብ እርግጠኛ ባልሆነ ትርፍ መለኪያ መለካት ዕዳን ከዋጋው በታች ማየት ነው።

የምንፈልገው የብድር ዋጋ ግን 16 በመቶው ራሱ አይደለም። ለ100 ብር ብድር 16 ብር ወለድ ስትከፍል ያ 16 ብር ከትርፏ ይቀነሳል፤ ግብሯም በ4 ብር ከ80 ሳንቲም ያንሳል። ከኪሷ በእውነት የወጣው 11 ብር ከ20 ሳንቲም ነው። ከግብር በኋላ ያለው የብድር ዋጋ እንግዲህ 11.2 በመቶ ነው። የምናነጻጽራቸው ክፍያዎች ሁሉ ከግብር በኋላ ያሉ ስለሆኑ መለኪያውም ከግብር በኋላ መሆን አለበት።

ሁለቱን ወደ ዛሬ ማምጣት

በ11.2 በመቶ ሲለካ ከአንድ ዓመት በኋላ የሚከፈል 1 ብር የዛሬ 0.899 ብር ነው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ 0.809፣ ከሦስት 0.727፣ ከአራት 0.654፣ ከአምስት 0.588። አምስቱ ሲደመሩ 3.677 ይሆናሉ። ይህን ቁጥር ያዙት፤ በየዓመቱ እኩል የሚመላለስ ክፍያን በዚህ ማባዛት ብቻ ይበቃል።

መጀመሪያ ኪራዩ። በዓመት 1,100,000 ብር ትከፍላለች፤ ግብሯ በ330,000 ይቀንሳል፤ የሚቀረው 770,000 ነው። በ3.677 ሲባዛ ወደ 2,832,000 ብር ይጠጋል። የኪራዩ የዛሬ ዋጋ ይህ ነው።

ቀጥሎ ግዥው። ዛሬ 4,000,000 ብር ይወጣል። በገቢ ግብር ደንብ ቁጥር 410/2009 መሠረት እንዲህ ያለ ማሽን በቀጥታ ዘዴ በዓመት 15 በመቶ የእርጅና ቅናሽ ይያዝለታል፤ ይህ 600,000 ብር ነው። ከትርፏ 600,000 ሲቀነስ ግብሯ በ180,000 ያንሳል። የአምስቱ ዓመት የግብር ቅናሽ የዛሬ ዋጋ 662,000 ገደማ ነው። ወጪዋ ወደ 3,338,000 ወረደ ማለት ነው።

በአምስተኛው ዓመት መጨረሻ ማሽኑ በመዝገብ ላይ 1,000,000 ብር ይቀረዋል፤ 3,000,000 ተቀንሷልና። በገበያ 1,800,000 ብር ያወጣል ብላ ገመተች እንበል። ከመዝገቡ ዋጋ በላይ ያለው 800,000 እንደ ትርፍ ተቆጥሮ 240,000 ብር ግብር ይጠየቅበታል፤ በእጇ የሚገባው 1,560,000 ነው። የዛሬ ዋጋው 917,000 ብር ገደማ። ይህ ሲቀነስ የግዥው ጠቅላላ ወጪ ወደ 2,421,000 ብር ይመጣል።

የስሌታችን ሠንጠረዥ የሚሰጠን ሁለት ቁጥሮች ናቸው፦ 2,832,000 እና 2,421,000። መግዛት በ411,000 ብር ገደማ ይረክሳል።

ልብ በሉ፣ በግዥው በኩል የባንኩን ወለድ አንድም ቦታ አልጻፍነውም። የረሳነው አይደለም። የወደፊቱን ክፍያ በ11.2 በመቶ ወደ ዛሬ ስናመጣ ወለዱ በውስጡ ተቆጥሯል። የባንክ ክፍያውን በግዥው በኩል ደርድሮ ከዚያ ደግሞ በ11.2 በመቶ የሚያወራርድ ሰው ወለዱን የሚያወዳድረው በራሱ በወለዱ ነው፤ ውጤቱ ያው 4,000,000 ይሆንበታል። ይህ ስህተት ባይሆንም ልፋት ብቻ ነው። 4,000,000ውን በመነሻ ላይ ጽፎ ከላዩ የባንኩን ወለድ የሚደምር ግን ሁለት ጊዜ ይቆጥራል። በሂሳብ ወረቀት ላይ የማየው የተለመደ ስህተት ይህኛው ነው።

ያው ጥያቄ ከባንኩ በኩል ሲታይ

ለምን በብድር ዋጋ እንደለካን አሁንም ለሚጠራጠር ሰው ሌላ መንገድ አለ። ማሽኑን በመከራየቷ የምታድነው ዛሬ 4,000,000 ብር ነው። በምትኩ በየዓመቱ ምን ታጣለች? ከግብር በኋላ 770,000 ብር ኪራይ ትከፍላለች፤ ባለቤት ስላልሆነች ደግሞ የ180,000 ብር የእርጅና ግብር ቅናሽ ያመልጣታል። በዓመት 950,000 ብር ማለት ነው። በአምስተኛው ዓመት መጨረሻ ከሽያጩ ልታገኝ የምትችለው 1,560,000 ብርም ይቀርባታል።

ወደ ባንኳ ሄዳ «በየዓመቱ 950,000፣ በመጨረሻ ደግሞ ተጨማሪ 1,560,000 እከፍላለሁ፤ ወለዱ ከግብር በኋላ 11.2 በመቶ ነው፤ ዛሬ ስንት ታበድሩኛላችሁ?» ብትል መልሱ 4,411,000 ብር ገደማ ነው። አከራዩ ለዚያው የክፍያ ቃል የሚሰጣት የ4,000,000 ብር ማሽን ነው። ልዩነቱ ያው 411,000 ነው። በአጭሩ አከራዩ ከባንኩ ይልቅ ውድ አበዳሪ ሆኗል።

ይህ አነጋገር ከቀደመው ሠንጠረዥ የበለጠ ይገባኛል፤ ሳስረዳም ከዚህ መጀመር እወዳለሁ። ኪራይን «ከማሽን ጋር የመጣ ብድር» ብላ ያየች ባለቤት ሁልጊዜ የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ከሌላ ቦታ ይህን ያህል ግዴታ ገብቼ ስንት ብር ማግኘት እችላለሁ?

25 በመቶ ቢሆንስ?

አሁን ሂሳቡን በተሳሳተው መጠን እንሥራው። የሂሳብ ሠራተኛዋ «እኛ ከሥራው የምንጠብቀው 25 በመቶ ነው፤ በዚያ እንለካ» ቢል የአምስት ዓመቱ ድምር ከ3.677 ወደ 2.689 ይወርዳል። ኪራዩ 2,071,000 ብር ገደማ ይሆናል፤ ግዥው ደግሞ 3,005,000 ገደማ። ኪራይ በ934,000 ብር ረክሶ ይታያል። ማሽኑ ያው ነው፤ ኪራዩ ያው ነው፤ ግብሩም ያው ነው። መልሱ የተገለበጠው በመለኪያው ብቻ ነው።

ለምን ወደ ኪራይ እንደሚያደላ መረዳት አያስቸግርም። ግዥ ወጪውን ዛሬ ያወጣል፤ ጥቅሙ ኋላ ይመጣል። ኪራይ ወጪውን ወደ ኋላ ይገፋል። መለኪያው ከፍ ባለ ቁጥር ኋላ የሚመጣ ነገር ሁሉ ይቀላል፦ የኪራዩ ዕዳ ይቀላል፣ የሽያጩ ገቢም ይቀላል። ስለዚህ የአከራይ ድርጅት ሽያጭ ሠራተኛ ከፍ ያለ መጠን ተጠቅሞ የሠራው ንጽጽር ይዞ ከመጣ መጀመሪያ የምትጠይቁት ያንን መጠን ይሁን።

አሮጌው ማሽን ስንት ያወጣል?

በሠንጠረዡ ውስጥ ካሉት ቁጥሮች ሁሉ በጣም የሚያጠራጥረው 1,800,000 ነው። ኪራዩ በውል የታሰረ ነው፤ የእርጅና ቅናሹ በደንብ የተወሰነ ነው። የአምስት ዓመት አሮጌ ማሽን ዋጋ ግን በማንም አልተወሰነም። እርግጠኛ ስላልሆነ በብድር ዋጋ ሳይሆን ከፍ ባለ መጠን ወደ ዛሬ ማምጣት ተገቢ ነው። በ20 በመቶ እናምጣው። ያኔ 1,560,000ው የዛሬ 627,000 ብር ገደማ ይሆናል፤ ግዥው 2,711,000 ይሆናል። መግዛት አሁንም ይረክሳል፤ ልዩነቱ ግን ወደ 120,000 ብር ወርዷል።

ከዚህ በኋላ 1,800,000 ትክክል ነው አይደለም እያሉ መከራከር አያስፈልግም። ጥያቄውን መገልበጥ ይሻላል፦ ሁለቱ መንገዶች እኩል እንዲሆኑ ማሽኑ በስንት መሸጥ አለበት? በዚሁ 20 በመቶ ሲሠራ ሂሳቡ 1,372,000 ብር ገደማ ይሰጣል። ይህ ባለቤቷ በደንብ ልታስብበት የምትችለው ቁጥር ነው። ማሽን የሚጠግነውን መካኒክ መጠየቅ ትችላለች፤ አሮጌ ማሽን የሚገዛና የሚሸጥ ሰው መጠየቅ ትችላለች። «ከአምስት ዓመት በኋላ ከ1,370,000 በላይ ያወጣል?» የሚል ጥያቄ መልስ አለው።

ለዚህ ጥያቄ መልስ ስትፈልግ አንድ የአገራችንን እውነት ችላ ልትል አይገባም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ሥርዓቱ ሲለወጥ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ130 ብር በላይ ሆኗል። ከውጭ የመጣ ማሽን የያዘ ሰው ማሽኑ በሥራ ሲያረጅ የብር ዋጋው ሲጨምር አይቷል፤ አዲሱን ለማስመጣት የሚያስፈልገው ብር ስለጨመረ አሮጌውም አብሮ ተወዷልና። በሌላ አገር የመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ አሮጌ ማሽን ከዋጋው ሩብ እንኳ አያወጣም ተብሎ ይታሰብ ይሆናል። እዚህ ያንን ቀድቶ ማስገባት ግዥን ያለ አግባብ ያስወድዳል።

ነገር ግን ይህ እውነት ባለ ሁለት ስለት ነው። ምንዛሪው ሲለወጥ በብር የታሰረ የኪራይ ክፍያም ለተከራዩ እየቀለለ ይሄዳል፤ የባንክ ብድሩም እንዲሁ። ልዩነቱ ያለው በማሽኑ ላይ ነው፦ የዋጋው ጭማሪ ለባለቤቱ ይሄዳል። በኪራይ ባለቤቱ አከራዩ ነው። ስለዚህ ብር ይዳከማል ብሎ የሚያስብ ሰው ወደ ግዥ ማድላቱ ምክንያት አለው፤ ያን ግምቱን ግን በሽያጭ ዋጋው ላይ ይጻፈው እንጂ ሠንጠረዡን በልቡ እያስተካከለ አይሂድ።

«በዓመቱ መጀመሪያ»

በውል ውስጥ ያለ አንድ ሐረግ ሁሉን ሊቀይር ይችላል። ኪራዩ በየዓመቱ መጨረሻ እንደሚከፈል ገምተን ነበር። ብዙ አከራዮች ግን የመጀመሪያውን ክፍያ ማሽኑን ሲያስረክቡ ይፈልጋሉ፤ ከዚያ በየዓመቱ መጀመሪያ። ያው 1,100,000 በዓመቱ መጀመሪያ ቢከፈል፣ የግብር ቅናሹ ግን እንደ በፊቱ በዓመቱ መጨረሻ ቢመጣ፣ የኪራዩ የዛሬ ዋጋ ከ2,832,000 ወደ 3,285,000 ገደማ ይዘላል። 453,000 ብር ማለት ነው፤ ከማሽኑ ዋጋ ከአንድ አሥረኛ በላይ። ባለቤቷ በኪራዩ መጠን ላይ ለሳምንት ተከራክራ 20,000 ብር ብታስቀንስና የክፍያውን ቀን ሳታይ ብትፈርም ያተረፈችው ነገር የለም።

ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ጉዳይ አለ። አከራዩ ጥገናውን ወይም ኢንሹራንሱን የሚችል ከሆነ ያንን እሷ ራሷ ብትችል የሚያስወጣትን ገንዘብ ከኪራዩ ላይ መቀነስ አለባት፤ አለዚያ አገልግሎትን ከብድር ጋር ደምራ ትለካለች።

ሠንጠረዡ የማይሠራበት ቦታ

ሂሳቡ ሁሉ የቆመው በሁለት ነገሮች ላይ ነው። አንደኛው ድርጅቷ ትርፍ እያገኘ በሂሳብ መዝገብ ግብር መክፈሉ ነው። በዓመታዊ ሽያጩ ላይ ተገምቶ ግብር የሚከፍል ነጋዴ ኪራይም ሆነ የእርጅና ቅናሽ ግብሩን አይቀንስለትም፤ ወለዱም አይቀንስለትም። ለእሱ መለኪያው 16 በመቶ ራሱ ነው፤ የኪራዩ ዋጋ 3,602,000 ብር ይሆናል፤ ግዥው 1,800,000ውን ያለ ግብር ቀንሶ በ16 በመቶ ወደ ዛሬ ሲመጣ 3,143,000 ነው። በዚህ ምሳሌ መልሱ አልተለወጠም፤ ሁልጊዜ ግን እንዲህ አይሆንም። ልዩነቱ በትልቁ የሚታየው አከራዩ 30 በመቶ ግብር ከፋይ ሆኖ ተከራዩ ግን ግብር የማይቀነስለት ሲሆን ነው። የእርጅና ቅናሹ አከራዩ ዘንድ ዋጋ አለው፣ ተከራዩ ዘንድ የለውም፤ አከራዩ ከዚያ ጥቅም ጥቂት በኪራዩ ላይ ቢለቅ ኪራይ ለሁለቱም ሊሻል ይችላል። ኪራይ በእውነት የሚረክስባቸው ጥቂት ምክንያቶች ካሉ አንዱ ይህ ነው።

ሁለተኛውና ከባዱ፣ ብድሩ መኖሩ ነው። ባንኩ በ16 በመቶ ይሰጣታል ብለን ጀመርን። በፒያሳ በኪራይ ሱቅ የምትሠራ ባለቤት ለባንክ የምታስይዘው ቤት ላይኖራት ይችላል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ ቁጥር 1147 ማሽንን ራሱን ለማስያዝ መንገድ ከፍቷል፤ ባንኮች ግን አሁንም ቤትና መሬት ይመርጣሉ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳያልፍ ወስኖ ነበር፤ ጣሪያው በኋላ ከፍ ቢልም ዋስትና ይዞ ሄዶ «ተራ ይጠብቁ» የተባለ ነጋዴ ብዙ ነው። ብድር ከሌለ ኪራይን ከብድር ጋር ማነጻጸር ትርጉም የለውም። ያኔ ምርጫው በኪራይ ማሽን እና ያለ ማሽን መሥራት መካከል ነው፤ ወደ ምዕራፍ 8 ተመልሰን ማሽኑ ከኪራዩ በላይ ያስገኛል ወይ ብለን እንጠይቃለን። ባለቤቷ «ኪራይ ውድ ነው» ተብላ ማሽኑን ብትተወውና ደንበኞቿን ብታጣ ትልቁ ኪሳራ እዚያ ነው።

ከእነዚህ ውጭ አንድ የውል አንቀጽ አለ፤ በሠንጠረዡ ውስጥ ቁጥር የለውም፤ ግን ለአራዳ ሰው ከባድ ነው። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ምክንያት የፒያሳ ብዙ ቤቶችና ሱቆች ፈርሰው ነጋዴዎቹ ወደ ሌላ ሠፈር ተዛውረዋል። ማሽን ተነቅሎ ይጓጓዛል፤ ደንበኛ ግን ሁልጊዜ አብሮ አይሄድም። ውሉ ሥራ ቢቀዘቅዝ ማሽኑን በሦስት ወር ማስታወቂያ መመለስ የሚፈቅድ ከሆነ አከራዩ ለባለቤቷ ትልቅ ነገር ሸጦላታል፤ እኔ ለእንዲህ ያለ መብት ከ120,000 ብር በላይ መክፈል ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ። ውሉ አምስት ዓመት ሙሉ ያለ መመለስ የሚያስከፍል ከሆነ ግን ኪራይ «ነጻነት ይሰጣል» የሚለው ቃል በወረቀቱ ላይ የለም። ብድር ሆኗል፤ ከዚያም ውድ ብድር። ሁለቱን ለመለየት የሚያስፈልገው የውሉን ማቋረጫ አንቀጽ ማንበብና ካሳው ስንት እንደሆነ መቁጠር ነው፤ የቀረው ኪራይ ሁሉ በአንዴ ይከፈላል የሚል ከሆነ የመመለስ መብት የለም።

የእኛዋ ባለቤት ውል የማይቋረጥ ነው። መካኒኳን ጠየቀች፤ ማሽኑ በጥሩ ከተያዘ ከ1,370,000 በታች አይወርድም አላት፤ ከዚያ በላይ ምን ያህል እንደሚያወጣ ግን አልደፈረም። ሠንጠረዡ በዚህ ጊዜ ሌላ ጥቅም አለው። የማሽኑን ዋጋ 1,800,000 ይዘን በ20 በመቶ ወደ ዛሬ ስናመጣ ሁለቱ እኩል የሚሆኑበት ኪራይ በዓመት 1,053,000 ብር ገደማ ነው። ስለዚህ ወደ አከራዩ የተመለሰችው «ኪራዩ በዛብኝ» ብላ አይደለም። ሁለት ነገር ይዛ ሄደች፦ ኪራዩ 1,050,000 ይሁን፣ ክፍያውም በዓመቱ መጨረሻ መሆኑ በውሉ ላይ በግልጽ ይጻፍ። አከራዩ ከሁለቱ አንዱን እንኳ እምቢ ካለ ከባንኩ ጋር የጀመረችውን ማመልከቻ ትጨርሳለች።